ከቅድሚያ ዝርዝር በፊት የወረፋው ስፍራ፦ በጋራ የኢንተርኔት መስመር ላይ ስለሚወጡ የአገልግሎት ጥራት ደንቦች

ብዙ ሰዎች በሚጋሩት የኢንተርኔት መስመር ላይ የቪዲዮ ጥሪ ወይም የርቀት ትምህርት ሲቆራረጥ በተለምዶ የሚወሰደው እርምጃ የታወቀ ነው። የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ይከፈታል፤ በአገልግሎት ጥራት ክፍል ሥር ለዙም፣ ለጉግል ሚት ወይም ለአንድ ላፕቶፕ ከፍተኛ ቅድሚያ ይሰጣል። ደንቡ ከተመዘገበ በኋላም ጥሪው ብዙ ጊዜ እንደ ቀድሞው መቆራረጡን ይቀጥላል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ስሕተቱ ከጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል የሚመነጭ መሆኑ ነው። ማን ይቅደም ከማለት በፊት ወረፋው የት ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት፤ ይህ ከተመለሰ ደግሞ የቅድሚያ ዝርዝሩ አብዛኛው ክፍል አስፈላጊ ሆኖ አይገኝም።

ነገሩን ለማየት አራት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በአንድ ቤት የሚጋሩትን የኤዲኤስኤል መስመር በምሳሌነት መመልከት ይበቃል። የመቀበያ ፍጥነቱ 4 ሜጋቢት በሰከንድ፣ የመላኪያ ፍጥነቱ 1 ሜጋቢት በሰከንድ ነው እንበል። አንደኛው ተማሪ የጥናት ንድፈ ሐሳቡን ለአማካሪዎቹ በቪዲዮ ያቀርባል፤ በሚቀጥለው ክፍል ያለችው ተማሪ ደግሞ 200 ሜጋባይት የሚሆን የቃለ መጠይቅ ቅጂ ወደ መረጃ ማከማቻ ትልካለች። በዚህ ፍጥነት ፋይሉ ብቻውን ቢሄድ እንኳ 27 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል።

አንድ ሙሉ ፓኬት 1500 ባይት ማለትም 12,000 ቢት ስለሆነ በመላኪያው መስመር ላይ ለማለፍ 12 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ሞደሙ 200 ፓኬቶችን በወረፋ መያዝ ቢችል ከመጨረሻው ፓኬት ኋላ የሚደርሰው ድምፅ 2.4 ሰከንድ ይጠብቃል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 የተሰኘው ምክረ ሐሳብ ለንግግር ምቹ የሚለው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ግን እስከ 150 ሚሊሰከንድ ነው። ፋይል የሚልከው ፕሮግራም ፓኬት እስኪጠፋበት ድረስ ፍጥነቱን ስለሚጨምር ሰፊ ቋት ያለው ሞደም ወረፋው ሞልቶ እንዲቆይ ያደርጋል። ጂም ጌቲስ በ2010 እ.ኤ.አ. የቋት እብጠት ብሎ የሰየመው ችግር ይኸው ነው።

የቅድሚያ ደንብ የማይሠራበት ምክንያትም ከዚሁ ይገኛል። ራውተሩ ከሞደሙ ጋር የተገናኘው በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚያሳልፍ ገመድ ከሆነ የደረሰውን ሁሉ ወዲያው ያስተላልፋል፤ በራሱ ውስጥ የሚጠብቅ ፓኬት የለም። ደንቡ የሚያስተካክለው የሚጠብቁትን ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ተሳፋሪዎቹ በአንድ ፌርማታ ተሰልፈው ሳለ ተራ አስከባሪውን ሰው በሌለበት ሌላ ፌርማታ እንደ ማቆም ይቆጠራል።

መፍትሔው ወረፋውን ወደ ራውተሩ ማምጣት ነው። ራውተሩ ሞደሙ ከሚያስተላልፈው ጥቂት ባነሰ ፍጥነት እንዲልክ ከተገደበ ጥበቃው ከሞደሙ ወጥቶ ደንብ በሚሠራበት ስፍራ ይሆናል። ሊኑክስ ላይ በተመሠረተ ራውተር ይህ በአንድ ትእዛዝ ይፈጸማል፦

```
tc qdisc replace dev eth1 root cake bandwidth 900kbit nat dual-srchost atm overhead 44
```

`eth1` ወደ ሞደሙ የሚወስደው መገናኛ ስም ነው፤ እንደ መሣሪያው ይለያያል። `atm overhead 44` የሚለው ኤዲኤስኤል መረጃን 53 ባይት ባላቸው ቁርጥራጮች እንደሚልክና ከእያንዳንዱ 48ቱ ብቻ የተጠቃሚው መሆናቸውን በስሌቱ ውስጥ ያስገባል። `dual-srchost` አቅሙን በቅድሚያ በመሣሪያዎች መካከል፣ ከዚያም በእያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥ ባሉ ግንኙነቶች መካከል እኩል ያካፍላል።

በምሳሌው ቤት ሁለቱ ላኪዎች እያንዳንዳቸው 450 ኪሎቢት ገደማ ይደርሳቸዋል። ለድምፅ 100 ኪሎቢት ስለሚበቃ የድምፅ ፓኬቱ በፋይሉ ምክንያት የሚጠብቀው አንድ ወይም ሁለት ፓኬት እስኪያልፍ፣ ለእያንዳንዱ 15 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ይሆናል። ለዙም ተብሎ የተጻፈ አንድም ደንብ የለም። ምስሉ ግን ከድርሻው በላይ ከጠየቀ ጥራቱን መቀነሱ አይቀርም፤ ወረፋ ማስተካከል የሌለ አቅም አይፈጥርም።

እኩል ማካፈል ትምህርትንና መዝናኛን አይለይም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ሆኖም የቅድሚያ ዝርዝሩም አይለይም። ዙም ለምስልና ለድምፅ ከ8801 እስከ 8810 ያሉትን የዩዲፒ በሮች ይጠቀማል፤ እነዚህ ሲዘጉበት ወደ 443 ይዞራል። በዚያው በር የተቀዳ ትምህርትም ፊልምም ተመስጥረው ያልፋሉ፤ ራውተሩም ሊለያቸው አይችልም። ለአንድ ላፕቶፕ ቅድሚያ ሲሰጥ ደግሞ ከትምህርቱ ጋር በዚያው ላፕቶፕ በስተጀርባ የሚካሄደው የፋይል ቅጂም አብሮ ይቀድማል።

ከሁሉም የሚከብደው የፍትሕ ጥያቄ ነው። ቅድሚያ ምንጊዜም ከሌላው ድርሻ የሚወሰድ ነው። መብራት ጠፍቶባት የቀጥታ ትምህርቱ ያመለጣት ተማሪ በማግስቱ ቅጂውን ስታወርድ ዝርዝሩ እርሷን ከተራ አውራጆች ጋር ይመድባታል፤ በቀጥታ የተገኘውን ግን ለሁለተኛ ጊዜ ይጠቅመዋል። ስለዚህ ቅድሚያ ሊሰጥ የሚገባው ለድምፅ ብቻ፣ ያውም በገደብ ነው። ከላይ ያለው ትእዛዝ በነባሪ አሠራሩ የድምፅ ምልክት ያለባቸውን ፓኬቶች ያስቀድማል፤ እነርሱ ከመስመሩ ሩብ በላይ ሲይዙ ግን ቅድሚያቸውን ያጣሉ።

ዘዴው የማይደርስባቸው ቦታዎችም አሉ። የመቀበያው ወረፋ የሚጠራቀመው በአገልግሎት ሰጪው በኩል ስለሆነ ራውተሩ የሚገቡትን ፓኬቶች በማዘግየትና በመጣል ላኪዎቹን በተዘዋዋሪ ከማቀዝቀዝ ያለፈ ሥልጣን የለውም፤ በዚያ በኩል ገደቡ ይበልጥ ዝቅ ማለት አለበት። በሞባይል ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ፍጥነቱ በየሰዓቱ ይለዋወጣል፤ ማለዳ የተወሰነ ገደብ ማታ ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ ከሆነ ወረፋው ከራውተሩ ወጥቶ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ችግሩ የወረፋ መሆኑን መለየት ቀላል ነው። መስመሩ ሥራ በፈታበት ጊዜ `ping 8.8.8.8` ተሰጥቶ የምላሹ ጊዜ ይመዘገባል፤ ከዚያም ትልቅ ፋይል እየተላከ ይደገማል። ቁጥሩ ከአሥሮች ወደ ሺህ ሚሊሰከንዶች ከዘለለ ጥፋቱ የወረፋ ነው፤ ገደቡም ያስተካክለዋል። መስመሩ ሥራ ፈትቶም ቁጥሩ የሚዋዥቅ ወይም ምላሽ የሚጠፋ ከሆነ ግን ምክንያቱ ገመዱ ወይም ዋይፋዩ ነው፤ የትኛውም የቅድሚያ ደንብ አያድነውም። ገደቡ ከተደረገ በኋላም ቁጥሩ ካልወረደ ገደቡ ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ ሊሆን ይችላል፤ አለዚያም በራውተሩ ውስጥ የማስተላለፉን ሥራ ለማፋጠን የተዘጋጀው የሃርድዌር አቋራጭ ፓኬቶቹን ከወረፋው ውጭ እያሳለፋቸው ሊሆን ስለሚችል አቋራጩን መዝጋት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ለርቀት ትምህርት የሚዘጋጁ የአጠቃቀም መመሪያዎች በፕሮግራሞች ስም ዝርዝር መጀመራቸው ቀርቶ በእነዚህ ሁለት ልኬቶች ሊጀምሩ ይገባል። ቀጥሎ የፍጥነት ገደቡና የእኩል ክፍፍሉ ይቀመጥ። ከዚህ በኋላም ያልተቃለለ ነገር ካለ፣ የየትኛው ተማሪ ሥራ ይቅደም የሚለውን መስመሩን የሚጋሩት ሰዎች ተነጋግረው ይወስኑት፤ ራውተሩ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ አይደለም።