«ቤቱ አይሸጥም» የሚለው ወንድም ኪራዩን ለማን ነው የሚሰበስበው?

አራዳና ፒያሳ ውስጥ አባት ከሞተ አስራ ምናምን ዓመት ያለፈው፣ ካርታው ግን ዛሬም በአባት ስም የተቀመጠ ቤት ፈልጎ ማግኘት አይከብድም። አንዱ ወንድም ከውስጥ ይኖራል፣ መንገድ ዳር ያለውን ሱቅ ያከራያል። እህቶች አግብተው ወጥተዋል። «እንካፈል» ሲባል መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «የአባታችን ቤት አይሸጥም፣ አንድነታችንን አታፍርሱት።»

ይህን አንድነት ብለን አንጠራውም። የሰው ሀቅ ይዞ መቀመጥ ነው።

በቁጥር እንየው። አባት ሞቶ ሚስት፣ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች ቀሩ እንበል። ቤቱን ከጋብቻ በፊት ያገኘው፣ የራሱ ብቻ ነበር። ዕዳው ተከፍሏል፣ ኑዛዜ የለም። በሱረቱ ኒሳእ 11ኛና 12ኛ አንቀጾች መሠረት ሚስት አንድ ስምንተኛ ትወስዳለች፤ ቀሪው ለወንድ ሁለት ለሴት አንድ ሆኖ ይከፈላል። ሒሳቡ ስምንት ድርሻ ይመጣል፦ ለእናት አንድ፣ ለእያንዳንዱ ወንድ ሁለት፣ ለእያንዳንዷ ሴት አንድ። ቤቱ ዛሬ 8 ሚሊዮን ብር ቢያወጣ አንዷ እህት የ1 ሚሊዮን ባለቤት ናት።

አሁን ወደ ሱቁ እንምጣ። በወር 40,000 ብር ይከራያል። የወንድምየው ድርሻ 10,000 ነው፣ እሱ ግን አርባውንም ይወስዳል። በአምስት ዓመት 2.4 ሚሊዮን ብር ሰብስቧል፤ ከዚህ ውስጥ 1.8 ሚሊዮኑ የእሱ አይደለም። ለጣራ ጥገናና ለግብር ያወጣውን በደረሰኝ ይቀንስ፣ አንከራከርም። የቀረው ግን የእናቱ፣ የወንድሙና የእህቶቹ ገንዘብ ነው። ወንድ ሁለት እጥፍ እንደሚያገኝ ለመናገር ሸሪዓን የጠራ ሰው፣ ኪራዩ ላይ ሲደርስ ለምን ይረሳዋል?

ከሒሳቡ በፊት «ቤቱ የማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ መመለስ አለበት። ባልና ሚስት አብረው ያፈሩት ከሆነ የእናት ግማሽ መጀመሪያ ይወጣል፣ የሚወረሰው የአባት ግማሽ ብቻ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው፤ ስለዚህ አንዷ እህት ሳትጠየቅ «እኛ በሸሪዓ ጨርሰናል» ማለት አይቻልም። የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፦ በ1967ቱ አዋጅ የተወረሰ ቤት የመንግሥት ነው፣ የምንካፈለው ባለቤትነት የለም።

ቤቱን ማስቀረት የሚፈልግ ወንድም መንገድ አለው፣ ይግዛ። በምሳሌያችን ለሌሎቹ 6 ሚሊዮን ብር ይከፍላል፣ የኪራዩ ሒሳብም ለብቻው ይታሰባል። ዋጋው የሚተመነው በዛሬ ገበያ ነው። «አባባ ሲሞት 2 ሚሊዮን ነበር» ብሎ በዚያ ዋጋ ለእህት 250,000 መስጠት ማታለል ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ገማቾች ያዩት። በየጊዜው የሚከፍል ከሆነ ቀኑና መጠኑ ይጻፍ፣ ውሉም ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ይመዝገብ።

እህቶች፣ «ካርታ ለማሳደስ ነው» ተብሎ የሚመጣውን ውክልና እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት። «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚሉ ቃላት ካሉበት ቤቱን የማስተላለፍ ሥልጣን እየሰጣችሁ ነው። በለቅሶ ቤት፣ ሽማግሌ ፊት፣ ድርሻዋ ስንት ብር እንደሆነ ሳይነገራት «ይቅር ብያለሁ» ያለችም እህት በፈቃዷ ሰጠች አንልም። መጀመሪያ ቁጥሩን ትወቅ፣ ከዚያ ብትፈልግ ትስጥ።

ወንድምየው መግዛት ካልቻለ ሌሎቹ ተባብረው የእሱን ይግዙ፣ ወይም ሁሉም ተስማምተው በገበያ ይሽጡት። ጠባብ የፒያሳ ጊቢ ለስድስት አይቆረጥም። እንቢ ካለስ? ክፍፍል ለመጠየቅ የብዙኃን ድምፅ አያስፈልግም፤ አንዲት ወራሽ ብቻዋን ፍርድ ቤት ልታመለክት ትችላለች። መካፈል የማይቻል ቤት መጨረሻው ሐራጅ ነው፤ ሐራጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከገበያ በታች ይሸጣል። «አይሸጥም» ያለው ሰው ቤቱን በርካሽ የሚያሸጠው እንዲህ ነው።

ዝም ብሎ መጠበቅም ያስከፍላል። ከወራሾቹ አንዱ ሲሞት ድርሻው ለልጆቹና ለትዳር ጓደኛው ይበተናል፣ ስድስት የነበረው ፈራሚ አስራ አምስት ይሆናል። በ2016 ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱም አይተናል፦ ግሬደር የቤተሰብ ሽምግልና እስኪያልቅ አይጠብቅም። ካርታው በሟች ስም ያለ ቤተሰብ ስለ ካሳና ምትክ ቦታ ከመነጋገሩ በፊት ወራሽነቱን ማረጋገጥ አለበት፤ ያ የፍርድ ቤት ወረቀት ደግሞ አባት በሞተ ዓመት ሊወጣ ይችል ነበር።