ሦስት አንቀጽ ጽፎ «አነጻጸርኩ» ማለት የለም!

ማታ የፈተና ወረቀት ሳርም አመሸሁ። ጥያቄው «ሊበራሊዝምን፣ ሶሻሊዝምንና ብሔርተኝነትን አነጻጽሩ» ነው። አብዛኛው ተማሪ ለእያንዳንዱ አንድ አንቀጽ ትርጉም ጽፎ ወጥቷል። ልጆች፣ ይሄ ዝርዝር ነው እንጂ ንጽጽር አይደለም! ጥፋቱ ግን የእናንተ ብቻ አይደለም፤ በሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ ያስሸመደድናችሁ እኛው መምህራን ነን።

ለማነጻጸር መጀመሪያ አንድ የጋራ ጥያቄ ያስፈልጋል። ለምሳሌ «ሰው ከሁሉ በፊት መቆም ያለበት ለማን ነው?» በሉ። ሊበራሉ ለግለሰብ መብት ይላል፣ ሶሻሊስቱ ለሠራተኛው መደብ፣ ብሔርተኛው ለብሔሬ። አሁን ሦስቱም አንድ ሚዛን ላይ ወጡ።

ቀጥሎ ማስረጃ። የጀርመን ሶሻል ዴሞክራቶች የሠራተኛው ጠላት የሌላ አገር ሠራተኛ አይደለም ሲሉ ኖሩ። ነሐሴ 1914 (እ.ኤ.አ.) ጦርነቱ ሲመጣ ግን ፓርላማ ውስጥ ለጦርነቱ ብድር ድምፅ ሰጡ። ምክንያታቸው «ከሩሲያው ዛር አገራችንን እንከላከል» የሚል ነበር። መደብና ብሔር ሲጋጩ ብሔር አሸነፈ።

«ሁልጊዜ ያሸንፋል» ብላችሁ ግን አትደምድሙ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ካርል ሊብክኔክት ከፓርቲው ተለይቶ ብቻውን ተቃውሟል።

ሌላም አለ። ብሔርተኝነት ሕዝቡ ማን እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ፋብሪካው የማን ይሁን የሚለውን ግን በራሱ አይመልስም። ለዚህ ነው አንዴ ከሊበራሉ፣ አንዴ ከሶሻሊስቱ ጋር ተጣምሮ የምታገኙት። በሠንጠረዥ ውስጥ እኩል ሦስተኛ ዓምድ ስናደርገው የሚጠፋን ይሄ ነው።

መምህራን ጓደኞቼ፣ ሠንጠረዡን እንተወው!