ሌሊቱን ያነጋ ተማሪ ጎበዝ ነው ያለው ማነው?

በተለይ እናንተ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል የሆናችሁ፣ ሰሞኑን በኢንቦክስ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ በቀን ስንት ሰዓት ባጠና ያልፍልኛል?» እኔ ደግሞ መልሼ «ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ስል ብዙዎቻችሁ በኩራት ነው የምትመልሱት። «አራት ሰዓት ቲቸር»፣ «ኧረ እኔ ሦስትም አልሞላ!» ትላላችሁ። ይኼ ኩራት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እኛ መምህራን ነን ያመጣነው። ዓይኑ ቀልቶ ክፍል የገባውን ልጅ «ጎበዝ፣ ሲያነብ ነው ያደረው» እያልን ስናሞግስ ኖረን።

የ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲወጣ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ ሦስት ተኩል እንኳ አልሞላም፤ በ2015ም ያው ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጁም ወላጁም ደንግጦ መፍትሔውን ከሌሊት ላይ መቁረጥ አደረገው። ልብ በሉ፣ ያ ሁሉ ተማሪ የወደቀው እንቅልፍ አጥቶ ነው አላልኩም። መጽሐፍ ሳይኖረው፣ መምህር ሳይኖረው፣ ከታች ክፍል ሳይገባው የመጣ ስንት አለ። የምለው፣ ከእንቅልፍ ላይ የተቆረጠው ሰዓት የጠፋውን አይመልስም፤ ያለውንም ይወስዳል።

እንዴት ይወስዳል? ቀን ያነበባችሁት ነገር ወዲያው አእምሮ ውስጥ አይጸናም። ስትተኙ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጥልቅ እንቅልፍ ላይ፣ አእምሮ የቀኑን ነገር እየመለሰ ያነሳዋል፤ ከድሮው እውቀት ጋርም ያያይዘዋል። ወደ ንጋቱ ደግሞ ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ ይረዝማል፤ እሱም የራሱ ሥራ አለው። ነገሩ ከተሞከረ መቶ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1924 አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ትርጉም የሌላቸው ፊደሎችን እንዲሸመድዱ ተደረገ። ሸምድደው ስምንት ሰዓት ሲነቁ የቆዩ ጊዜ የሚያስታውሱት ከአስር አንድ ገደማ ነበር፤ ሸምድደው የተኙ ጊዜ ግን ግማሽ ያህሉን አስታወሱ። ሁለት ሰው ብቻ ነው፣ ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። ግን ከዚያ በኋላ በብዙ ሰው ላይ ተሞክሮ፣ ልዩነቱ እንደዚያ ባይሰፋም፣ እንቅልፍ ትዝታን እንደሚያጸና ታይቷል።

የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው መጎዳቱን አለማወቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ ጥናት ጤነኛ ጎልማሶችን ለ14 ቀን ከፋፍሎ አስተኛ፤ አንዳንዱን በቀን አራት ሰዓት፣ አንዳንዱን ስድስት፣ አንዳንዱን ስምንት። ስድስትና ከዚያ በታች የተኙት ንቃታቸውና የማሰብ ፍጥነታቸው በየቀኑ እየወረደ ሄዶ፣ አንድ ሁለት ሌሊት ጭራሽ ሳይተኛ ያደረ ሰው ደረጃ ደረሰ። እነሱን ስትጠይቃቸው ግን «ትንሽ ደክሞናል፣ ለምደነዋል» ነው መልሱ። ይታያችሁ! «እኔ አራት ሰዓት ይበቃኛል» የሚለኝን ተማሪ የማላምነው ለዚህ ነው። በ13 እና በ18 ዓመት መካከል ያለ ልጅ ከስምንት እስከ አስር ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ትልቅ ሰው ቢያንስ ሰባት።

ሠራተኛውም ከዚህ አያመልጥም። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው እጁና ዓይኑ የሚሠራው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ሲነዳ የዋለ ሹፌር ምሽት 4 ሰዓት ላይ ሐረጎን ሲወርድ ጠጥቶ እንደሚነዳ ቁጠሩት፤ ጠብታ መጠጥ ሳይቀምስ።

አሁን ወደ አንድ ተማሪዬ ልምጣ። ስሙን አልጠራም፤ ሐይቅ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ምሳ በልቶ ሁለት ሦስት ሰዓት ይተኛል፣ ቡና ይጠጣል፣ ስልክ ይጎረጉራል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 9 ያጠናል፤ 12 ተኩል ይነሳል። አምስት ሰዓት ጥናት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል እንቅልፍ። አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አገጩን ይዞ ያንቀላፋል። የሒሳብ ወረቀቱን ሳየው ዘዴውን ያውቀዋል፤ የሚሳሳተው የመቀነስ ምልክት ሲያልፈው፣ 6ን 9 አድርጎ ሲገለብጥ ነው። እንዲህ ዓይነት ስህተት ያልገባው ሰው ስህተት አይደለም፣ የደከመ ሰው ስህተት ነው። እናንተም ራሳችሁን መርምሩ፦ አንዱን መስመር ሦስቴ ታነባላችሁ? ጋደም እንዳላችሁ በደቂቃ ውስጥ ጭልጥ ትላላችሁ? ቅዳሜ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ትተኛላችሁ? እንግዲያው ዕዳ አለባችሁ።

መጀመሪያ የቀየርነው የመኝታውን ሳይሆን የመነሻውን ሰዓት ነው። ሰው ራሱን በግድ ማስተኛት አይችልም፣ መቀስቀስ ግን ይችላል። ቅዳሜና እሁድም ሳይቀር 12 ሰዓት ላይ ተነስቶ ውጭ ይወጣል። የሰውነት ሰዓት የሚሞላው በጠዋት ብርሃን ነው፤ እኛ ደግሞ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ የምትወጣበት አገር ነን፣ ሰዓታችንን ራሱ የምንቆጥረው ከእሷ ነው። የቀኑን ረጅም እንቅልፍ ወደ 20 ደቂቃ ቆረጥነው። ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ራስ ከብዶ ነው የሚነቁት፤ የሌሊቱንም እንቅልፍ ይበላል። የመጨረሻው ቡና ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ሆነ።

ጥናቱን እንዲህ ከፋፈልነው፦ ከባዱ ትምህርት ከ9 እስከ 11 ሰዓት፣ ከዚያ የግማሽ ሰዓት ፈጣን እርምጃ፣ ከራት በኋላ ከ1 እስከ 3 ተኩል፣ 4 ሰዓት ላይ መኝታ። ጠዋት ደግሞ 45 ደቂቃ መጽሐፉን ዘግቶ የትናንቱን ባዶ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ደምሩት፤ አምስት ሰዓት ከሩብ ነው። ከበፊቱ አንድ ደቂቃ አልቀነሰም!

የመጀመሪያው ሳምንት ግን ከባድ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ይተኛና እስከ ስድስት ያፈጣል፤ «ቲቸር እየባከንኩ ነው» አለኝ። አብሽር፣ ብቻ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መነሳትህን አትተው አልኩት። ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀበት። ከዚያ በኋላ አንደኛ ወጣ ብዬ ተረት አልነግራችሁም። የምልክት ስህተቱ ቀነሰ፣ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ማንቀላፋቱ ቀረ፤ ያየሁት ይኼን ነው።

ስለ ቡናና ጫት ሳልናገር ባልፍ ወሎዬ አይደለሁም። ቡና ጉልበት አይሰጥም። ነቅተን በቆየን ቁጥር አእምሮ ውስጥ «ተኛ» የሚል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ ቡናው የሚያደርገው የዚያን መልእክት መቀበያ መዝጋት ብቻ ነው። ድካሙ ከበር ውጭ ቆሞ ይጠብቃችኋል። በጤነኛ ትልቅ ሰው ደም ውስጥ የገባው ካፌይን ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የ11 ሰዓቱን ቡና ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው አራት ሰዓት ላይ ግማሹን ይዞ ነው የሚጋደመው። ጫቱ ደግሞ ይብሳል። ምርቃናው ላይ ሁሉም ነገር የገባ ይመስላል፣ ገጹም ይገለበጣል፤ ሌሊቱ ግን ከእንቅልፍ የተፋታ ነው፣ የሚቀጥለው ቀንም ድብርት። ለፈተና ብሎ የጀመረውን ልጅ ፈተናው ካለፈ በኋላም ሲቅም አይቼዋለሁ።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ኃይሌ ገብረሥላሴን ሁላችሁም ታነሱልኛላችሁ፤ አሰላ አካባቢ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ሄዶ እየሮጠ ይመለስ ነበር። ጥሩ። ግን ያልተነገረው ግማሽ አለ፦ የእኛ ሯጮች ጠዋት ከሮጡ በኋላ ቀን ጋደም ይላሉ፣ ማታም በጊዜ ይተኛሉ። ልምምዱ ሰውነትን ያደክማል፣ የሚያበረታው ዕረፍቱ ነው። ከአርዲቦ ዳርቻ ካሉ መንደሮች ዳገት ቁልቁለቱን በእግሯ ለምትመጣ ልጅ ስፖርት ሥሪ ብሎ መምከር ቀልድ ነው፤ ከበቂ በላይ ሠርታለች። እንዲያውም ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ማታ 2 ሰዓት ተኝተው ሌሊት 10 ሰዓት ይነሳሉ፤ ይኼ ስምንት ሰዓት ነውና አትንኩባቸው። የእነሱ ችግር ሌላ ነው፤ ውኃ መቅዳቱ፣ ከብቱ፣ ባዶ ሆድ፣ መብራት። እንቅስቃሴ የሚያስፈልገው ተከራይቶ ቀኑን ሙሉ ለተቀመጠው ነው፤ የግማሽ ሰዓት ፈጣን እርምጃ ማታ ቶሎ እንዲወስደው ያግዘዋል።

ይኼ ሁሉ የማይሠራለት ሰውም አለ። በ2014 ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ ያየው ነገር እስከ ዛሬ በሕልሙ እየመጣ የሚያባንነው ልጅ አለ፤ እሱን «በጊዜ ተኛ» ማለት አይፈውሰውም፣ ጤና ባለሙያ ያስፈልገዋል። የሌሊት ተረኛ ነርሷና ጥበቃውም በዚህ ፕሮግራም አይኖሩም፤ ለእነሱ የሚጠቅመው ጨለማ ክፍል፣ የተዘጋ ስልክና ቤተሰቡ ቀን ላይ እንዳይቀሰቅሳቸው መስማማት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታችሁ ለምትፈተኑ። ሰው አዲስ ቦታ ሲያድር የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፉ ይሳሳል፤ ከፊሉ አእምሮ እንደ ዘበኛ ነቅቶ ያድራል። ስለዚህ ዶርም በገባችሁበት ሌሊት ብትገላበጡ አትደንግጡ፣ «አለቀልኝ» ብላችሁ ተነስታችሁ ኖት አትዘርጉ። ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት በደንብ የተኛ ሰው አንዷን መጥፎ ሌሊት ይቋቋማታል። የለመዳችሁትን ጋቢ ወይም አንሶላ ይዛችሁ ሂዱ። የዶርም ጓደኞቻችሁ ሌሊቱን ሲያነቡ ብታዩም አምፖሉን 4 ሰዓት ላይ ለማጥፋት በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ፤ ካልተስማሙ ዓይናችሁን በነጠላ ሸፍኑ። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱ፣ ቁርስ ብሉ፣ ወደ ፈተና ክፍል ስትሄዱ በፀሐይ በኩል ሂዱ።