ጉዳዩ፡- «ስለ ስልጠናው»

ባለፈው ጥቅምት አንድ የሥራ ባልደረባዬን ናይሮቢ እንዳይሄድ አድርጌዋለሁ። በክፋት አይደለም፤ በሁለት ቃል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለስድስት የቅርንጫፍ ሠራተኞች ኅዳር ላይ የሦስት ቀን ስልጠና አግኝቶ ነበር። ለተመረጡት ኢሜይል የመጻፍ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ፤ ጋዜጠኝነት የተማረች ልጅ ለዚህ ካልሆነች ለምን ትሆናለች? ሰኞ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ጻፍኩ። ያማረ ኢሜይል ነበር። እንኳን ደስ ያላችሁ አልኩ፣ ስለ ስልጠናው ዓላማ አብራራሁ፣ ስለ ሆቴሉ አወራሁ። አራተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ «የተያያዘውን ፎርም ሞልታችሁ ከፓስፖርት ኮፒ ጋር እስከ ሐሙስ እንድትልኩልን» አልኩ። ትኬት የሚቆርጠው ክፍል ዓርብ ጠዋት ስም ዝርዝሩን ይዘጋል። ርዕሱ ላይ ደግሞ ምን ብዬ ጻፍኩ? «ስለ ስልጠናው»።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ የላኩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የሚገርመው፣ ከቀሩት አራቱ ሦስቱ መልስ ጽፈውልኛል፦ «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ»። ይህች መልስ ስትመጣላችሁ ደስ አይበላችሁ። ሰውዬው አንድ ነገር እንዲሠራ ጠይቃችሁት «አመሰግናለሁ» ካለ፣ የነገራችሁት ወሬ እንጂ የጠየቃችሁት ሥራ አልታየውም ማለት ነው። እኔ ግን ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስልክ መደወል ጀመርኩ። ሦስቱ እየሮጡ ስካን አድርገው ላኩ። አራተኛው፣ የደሴው፣ መስክ ወጥቶ ስልኩ ዝግ ነበር። ዓርብ ጠዋት ቦታው ለተጠባባቂ ተሰጠ። ከሰዓት በኋላ ሲደውልልኝ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እህቴ፣ ኢሜይሉንማ ሰኞ ዕለቱን አይቼዋለሁ እኮ» አለኝ። «ስለ ስልጠናው ይላል። ስልጠናው ገና ኅዳር ነው፣ ከመስክ ስመለስ አነበዋለሁ ብዬ ተውኩት።»

ምን ብዬ ልመልስለት? ርዕሱ የነገረውን ነው ያደረገው።

ከዚያ በኋላ ይህ «ስለ» የሚባል ነገር ከየት እንደመጣብን ሳስብ፣ የመሥሪያ ቤታችንን የመዝገብ ቤት እትዬ አስታወስኩ። ጡረታቸው የደረሰ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ደብዳቤ የሚለዩ ሴት ናቸው። ደብዳቤውን አያነቡም። «ጉዳዩ፡-» የሚለውን መስመር ብቻ ያዩና ወደ ፋይሉ ይሰዱታል። «የዓመት ፈቃድ ስለመጠየቅ» ካለ ወደ ሰው ኃይል፣ «የጽሕፈት መሣሪያ ስለመግዛት» ካለ ወደ ግዥ። «ጉዳዩ» የተሠራው ለእሳቸው ነው። የትኛው ፋይል ውስጥ ልክተተው ለሚል ሰው ይመልሳል፤ ምን ላድርግ፣ እስከ መቼ ለሚል ሰው ግን አይመልስም።

ታዲያ የወረቀቱ ደብዳቤ እንዴት ሥራ ያሠራ ነበር? እትዬን ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝና አንድ የቆየ ደብዳቤ አውጥተው ጠርዙን አሳዩኝ። ኃላፊው በእጅ ጽሑፍ መርቶበታል፤ ለእገሌ፣ ተሠርቶ እስከ ዓርብ ይቅረብልኝ የሚል፣ ከሥሩ ፊርማ። እንዲህ ነው እንግዲህ! ተግባሩንና ቀኑን ደብዳቤው ላይ የሚጨምረው ሌላ ሰው ነበር። ኢሜይል ሲመጣ መዝገብ ቤቷም ኃላፊውም ከመሐል ወጡ፤ እኛ ግን «ጉዳዩ»ን እንዳለ ገልብጠን ቀጠልን። በጠርዙ ላይ የሚመራ ሰው የለም። የኢሜይሉ ርዕስ ያንን የጠርዝ ጽሑፍ ካልያዘ ማንም አይዘውም።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ ያቺን የኔን ርዕስ አስተካክዬ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። (አዎ፣ ጅብ ከሄደ መሆኑን አውቃለሁ።)

መጀመሪያ የመጣልኝ «አስቸኳይ!!!» ነው፤ የሁላችንም በሽታ። ይህ ግን ስሜቴን ነው የሚናገረው። ሰውዬው እንዳስቸኮለኝ ያውቃል፣ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ደግሞ በሳምንት አምስት «አስቸኳይ» ከሚልከው ክፍል ጋር ነው የምወዳደረው።

ሁለተኛው ሙከራዬ ሁሉንም ነገር የያዘ ነበር፦ «ለኅዳር ወር የናይሮቢ ስልጠና ለተመረጣችሁ ሰልጣኞች ፎርምና የፓስፖርት ኮፒ እስከ ሐሙስ እንድትልኩ ስለማሳሰብ»። ኮምፒውተር ላይ ምንም አይልም። ለራሴ ላክሁና በስልኬ ከፈትኩት። የታየኝ ይኸው ነው፦ «ለኅዳር ወር የናይሮቢ ስልጠና ለተመረጣችሁ…»። በስልኬ ኢንቦክስ ላይ አምስት ስድስት የአማርኛ ቃል ነው የሚገባው፤ የቀረው ተቆርጧል። ምኑ ተቆረጠ? «እስከ ሐሙስ እንድትልኩ»። ሥራው ራሱ!

እዚህ ላይ አማርኛችን አንድ ጣጣ አለበት። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ግሱን ፊት አድርጎ «ላክ» ብሎ ይጀምራል፤ ቢቆረጥም የሚቆረጠው ጅራቱ ነው። የኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ርዕስ ካደረግን ስልኩ ሁልጊዜ የሚቆርጥብን ዋናውን ነገር ነው። መፍትሔው ግሱን በግድ ወደፊት ጎትቶ አማርኛውን ማጣመም አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን ሰብሮ ሦስት ማድረግ ነው፤ መጀመሪያ አጭር የተግባር ሐረግ፣ ቀጥሎ ቀኑ፣ መጨረሻ ላይ ጉዳዩ፦

«ቅጽና ፓስፖርት ይላኩ፦ እስከ ሐሙስ ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፦ የኅዳር ስልጠና»

«ፎርም»ን «ቅጽ» ያልኩት ስላጠረልኝ ነው፤ ቋንቋ ለማጽዳት አይደለም። ስልኬ ላይ «ቅጽና ፓስፖርት ይላኩ፦ እስከ ሐሙስ ጥቅምት…» ድረስ ታየ። ደሴ ያለው ሰው ሳይከፍተው እንኳ ምን እንደሚፈለግበትና ሐሙስ እንደሚያልፍበት ያውቃል። «የኅዳር ስልጠና» ቢቆረጥ ማንም አይጎዳም። ጥቅምት ላይ ያለበትን ሥራ ኅዳር አስመስሎ ያሳነፈው ይህ ቃል ነበርና መጨረሻ መቀመጡ ይገባዋል።

ቀኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። «እስከ ሐሙስ» ስንል ሐሙስ ራሱ አለበት ወይስ የለበትም? አንዱ ረቡዕ ማታ ያበቃል ይላል፣ ሌላው ሐሙስ ሌሊት 6 ሰዓት ይልካል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ክርክሩን የሚዘጋው ሰዓት መጻፍ ነው። ሰዓት ሲጻፍ ደግሞ ሌላው የኛ ጉድ ይመጣል። «10 ሰዓት» ብዬ ለኛ ሰው ብጽፍ ከሰዓት በኋላ ነው። «10:00» ብዬ ብጽፍ ግን፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራ ሰው ጠዋት 4 ሰዓት ብሎ ሊያነበው ይችላል። የስድስት ሰዓት ልዩነት! ስለዚህ «ከቀኑ» የምትለዋ ቃል ቦታ ብትወስድም አትቀርም።

ከሁሉ የከፋው ግን 13/02 ብሎ መጻፍ ነው። ለኛ ጥቅምት 13 ነው፣ ጥቅምት ሁለተኛው ወር ነውና። ውጭ ያለ አጋር ድርጅት ቢያነበው ፌብሩዋሪ 13 ነው። «ጥቅምት»ን «ኦክቶበር» ብሎ የሚተረጉመውም አይድንም፤ ኦክቶበር 13 ቀን 2025 የኛ ጥቅምት 3 ነበር፣ የኔ ሐሙስ ደግሞ ኦክቶበር 23። የወሩን ስም በፊደል ከጻፋችሁና የሳምንቱን ቀን አጠገቡ ካስቀመጣችሁ፣ ሁለቱ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ አንባቢው ራሱ «ቆይ፣ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መጠየቁ ከመሳሳቱ ይሻላል።

አሁን የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። «ለአለቃዬ ይፈርሙ ብዬ ርዕስ ላይ ልጻፍ?» እኔም ፈርቻለሁ። በ«እርስዎ» ቢሆንም እንኳ ርዕስ ላይ ብቻውን ሲቆም ትእዛዝ ይመስላል። ለትልቅ ሰው ስጽፍ ግሱን ትቼ ስም አደርገዋለሁ፦ «ለፊርማዎ፦ እስከ ረቡዕ ከቀኑ 6 ሰዓት፦ የአዳራሽ ኪራይ ውል»። ክብሩም አለ፣ ሥራውም አለ፣ ሰዓቱም አለ። የኛ ኃላፊ እስካሁን ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም ፊርማቸውን ለማግኘት ደጃቸው ላይ መቆም ቀርቶልኛል።

ምንም ሥራ የማይጠይቅ ኢሜይል ደግሞ አለ። እሱን «ለመረጃ፦» ብዬ እጀምረዋለሁ፤ ሰው ያለ ጭንቀት ማታ እንዲያነበው። ሁሉንም «ይላኩ» እና «እስከ» ካደረግሁት የ«አስቸኳይ» ዕጣ ይደርሰዋል። ስለ ሰው የግል ጉዳይ ስጽፍም ተግባሩን ርዕስ ላይ አላወጣም። ርዕሱ ስልክ ተቆልፎ እንኳ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሊል ይችላልና፣ ስለ ሕክምና ወይም ስለ ዲሲፕሊን ከሆነ «እስከ ዓርብ መልስዎን እፈልጋለሁ» ብቻ ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ቀን ሲራዘም ይፈጠራል። ሐሙስ የነበረው ሰኞ ሲሆን፣ በዚያው ኢሜይል ላይ «ሰኞ ሆኗል» ብለን እንመልሳለን፤ ርዕሱ ግን `Re:` ተጨምሮበት «እስከ ሐሙስ» እያለ ይቀጥላል። ርዕሱንም ቀይሩት። ጂሜይል ላይ ርዕስ ሲቀየር አዲስ ንግግር ሆኖ ለብቻው ይከፈታል፤ አንዳንዱ ይህን ይጠላዋል፣ እኔ ግን ለተራዘመ ቀን የምፈልገው ይህንኑ ነው።

የደሴው ባልደረባዬ ጋር ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጻጽፈናል። ኅዳር መጨረሻ ላይ ለሁሉም ቅርንጫፍ እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «የወሩ ሪፖርት ይላኩ፦ እስከ ማክሰኞ ኅዳር 23፣ ከቀኑ 9 ሰዓት»። የእሱ መልስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መጣ፤ ሪፖርቱ ተያይዟል። ርዕሱን ቀይሮታል፦ «ሪፖርቱ ተልኳል፦ ስልጠና ካለ በስልክ ንገሪኝ»።