አሮጌው ስልክ ከእጅ ሳይወጣ

ፓስኪ የተባለው አዲስ የመግቢያ ሥርዓት የይለፍ ቃልን በጣት አሻራ ወይም በፊት መልክ ተክቶ ብዙዎቻችንን ከማስታወስ ሸክም ያሳረፈን ቢሆንም፣ ፓስኪው ያደረበት ስልክ በተለወጠ ዕለት ባለቤቱ ወደ ገዛ አካውንቱ በየት በኩል ይገባል የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ የሚያስብበት ሰው ጥቂት ነው። ሌባ ግን አስቦበታል፤ በዋናው መግቢያ ማለፍ ሲያቅተው የሚሞክረው ይህንኑ የመጠባበቂያ መንገድ ስለሆነ፣ የአካውንት ጽናት የሚለካው ከመጠባበቂያዎቹ መካከል በደካማው ነው ብዬ አምናለሁ።

በዱባይ ለዓመታት ሠርታ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰች አንዲት ሴት እናስብ። የአንድሮይድ ስልኳን እዚያው ለቀረችው ታናሽ እኅቷ ትታ፣ እዚህ አይፎን ገዝታ የጉግል አካውንቷን ልትከፍት ስትል፣ በጣቷ ወይም በፊቷ መክፈቱ ቀርቶ በስክሪኑ ላይ የኪው አር ኮድ ይታያታል። አካውንቷ የተሰረቀባት ሊመስላት ይችላል፤ ሆኖም የዚህ ኮድ መውጣት የሚያስረዳው አካውንቱ ፓስኪዋን ገና እንደሚያውቀው፣ አዲሱ ስልክ ግን እንዳልያዘው ብቻ ነው። ነገሩ እንደ ማኅተም ነው፤ አካውንቱ ዘንድ የተቀመጠው ማመሳከሪያው ምልክት ሲሆን፣ ማኅተሙ ራሱ በአሮጌው ስልክና በጉግል የይለፍ ቃል ማኅደር ውስጥ ተመስጥሮ ይኖራል፤ አይፎኑም የሚፈልገው በአፕል ማኅደር ውስጥ ነውና አያገኘውም። ከጉግል ማኅደር እንዳታወጣው ደግሞ፣ ወደዚያ ለመድረስ አስቀድሞ ወደ ጉግል አካውንቷ መግባት ያስፈልጋታል። ሌላ አንድሮይድ ብትገዛ ኖሮም፣ ማኅደሩ እንዲፈታላት የአሮጌውን ስልክ የስክሪን መክፈቻ ቁጥር መጠየቋ አይቀርም ነበር።

ኮዱን ፎቶ አንሥታ በዋትሳፕ ለእኅቷ ብትልክ እኅቷም በአሮጌው ስልክ ብታነበው ይሠራ ይመስላል፤ አይሠራም። ሁለቱ ስልኮች ኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን ብሉቱዝም ተከፍቶላቸው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ያህል ተቀራርበው መገኘት አለባቸው። ይህ ገደብ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ባይኖር ኖሮ ሩቅ አገር የተቀመጠ አጭበርባሪ የራሱን ኮድ ልኮ በእኛ ጣት በገባ ነበር።

በ«Try another way» በኩል ስታልፍ የሚቀርቡላት አማራጮች ክብራቸው እኩል አይደለም። በኤስኤምኤስ የሚላከው ቁጥር ከሁሉ የደከመው ነው፤ የዱባይ መስመሯ ከተቋረጠ መልእክቱ አይደርሳትም፣ ቁጥሩም ከጊዜ በኋላ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ስለሚችል የእርሷ ምሥጢር በባዕድ እጅ ይወድቃል፤ መስመሩ ባይቋረጥ እንኳ የቴሌ ሠራተኛን አታሎ ሲም ማስወጣት የታወቀ ወንጀል ነው። የመጠባበቂያ ኢሜይል ከዚህ ይሻላል፣ ነገር ግን ያ ኢሜይል ራሱ በአሮጌ የይለፍ ቃል ብቻ የሚከፈት ከሆነ ጥበቃው ከስም አያልፍም። በወረቀት የሚታተሙት የመጠባበቂያ ኮዶች፣ ጉግል ዘንድ ባለ ስምንት አሃዝ አሥር ሆነው የሚሰጡትና እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉት፣ በማንም የስልክ መስመር ስለማይተላለፉ እጅግ ይመረጣሉ። ጉድለታቸው ሰው በሐሰተኛ ገጽ ላይ ሊጽፋቸው መቻሉ ነው። ከዚህም ጉድለት ነጻ የሆነው ሌላ መሣሪያ ላይ የተቀመጠ ሁለተኛ ፓስኪ ነው፤ በተለይም በዩኤስቢ የሚሰካው ትንሹ የደኅንነት ቁልፍ፣ ከእውነተኛው ድረ ገጽ አድራሻ በቀር ለሌላ መልስ ስለማይሰጥ፣ በሣጥን ተቆልፎ ቢቀመጥ ከመጠባበቂያዎች ሁሉ የሚታመነው እርሱ ነው።

ሴትዮዋ ከእነዚህ አንዱንም ያላዘጋጀች ብትሆን፣ አሮጌው ስልክ አካውንቱ እንደተከፈተ ስላለ ተስፋ አላት። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካለ፣ እኅቷ በስልኩ መክፈቻ ቁጥር ገብታ ከአካውንቱ የደኅንነት ገጽ የመጠባበቂያ ኮዶቹን አውጥታ አንዱን ልታነብላት ትችላለች፤ እርሷም የይለፍ ቃሏን አስገብታ ያን ኮድ ትጨምራለች። ይሁን እንጂ ደዋይዋ ራሷ ባለቤቲቱ ትሁን፣ ድምፁንም ለይታ ትስማ፤ ደውሎ ወይም ጽፎ ኮድ አንብቡልኝ የሚል ሰው፣ ማንም ነኝ ቢል፣ ሊሰጠው አይገባም።

ከገባች በኋላ አስቀድማ በአይፎኑ ላይ አዲስ ፓስኪ ትፍጠር፤ ወጥታም ተመልሳ በእርሱ መግባቱን ታረጋግጥ። ቀጥላ የዱባይ ቁጥሯን ከመጠባበቂያዎቹ ትሰርዝ፣ የቀድሞዎቹ ዋጋ እንዲያጡም አዲስ ኮዶች ታውጣ። በመጨረሻም አሮጌውን ስልክ ከመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ዘግታ ታስወጣ፤ አንድሮይድ በራሱ የፈጠረው ፓስኪ ከአካውንቱ የሚነሣው በዚህ መንገድ ነውና።