የግሱ ባለቤት ማን ነው?

«የሐብሩ ወረዳ ነዋሪዎች የንጹሕ መጠጥ ውኃ አቅርቦት ተሻሽሎ ኑሯቸው ይለወጣል» የሚል ዐረፍተ ነገር በአንድ የፕሮጀክት ሰነድ ራስጌ ላይ ተጽፎ ያገኘ አንባቢ በምኞቱ መልካምነት ደስ ይለው ይሆናል፤ ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ ሰነድ ይዞ የወረዳው መቀመጫ መርሳ ከተማ ገብቶ «ይህ ነገር ሆኗል ወይስ አልሆነም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጉባኤ እንኳ ቢጠራ የሚፈርድለት አያገኝም። ጸሓፊው አቅርቦት ሲል ስንት ሊትር፣ ተሻሻለ ሲል ከምን ተነሥቶ እስከ ምን፣ ነዋሪዎች ሲል የየትኛው ቀበሌ ሰዎች እንደ ሆኑ ሳይወስን ብዕሩን አስቀምጧልና። እንዲህ ያለውን ቃል የሚክደው ሰው የለም፤ ነገር ግን ምስክር ሊቆጥርበት የሚችልም የለም።

ይህ ሕመም የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በ1969 እ.ኤ.አ. ሊዮን ሮዘንበርግና ባልደረቦቹ የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት የሚሠራባቸውን ፕሮጀክቶች መርምረው ሦስት ጕድለት አግኝተው ነበር፤ ይኸውም ዕቅዱ ጭጋግ የበዛበት፣ የሥራ አስኪያጁ ኀላፊነት እስከ የት እንደ ሆነ ያልተለየ፣ ግምገማውም ምን ሊገኝ ታስቦ እንደ ነበረ ስምምነት ስላልነበረ የከሳሽና የተከሳሽ ሙግት የሆነ ነበር። አራት ረድፍና አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ፣ ዛሬ በወልድያም ሆነ በአዲስ አበባ ያለ የፕሮጀክት ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው፣ ያን ጊዜ ለዚሁ ሕመም መድኀኒት ተብሎ የተነደፈ ነው። ሠንጠረዡ ግን በሞያው ያልተጠነቀቀ ሰው እጅ ሲገባ ያንኑ ጭጋግ በመስመርና በሣጥን ከፍሎ ከማሳየት የተለየ ሥራ አይሠራም።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት፣ ከመርሳ በስተምዕራብ ተራራውን ተደግፈው ባሉ ሦስት ቀበሌዎች 12 ምንጮችን አጎልብቶ በቦኖ ውኃ የሚያድል የሦስት ዓመት ፕሮጀክት አለ እንበል። የዚህ ፕሮጀክት ውጽአት ማለት ሠራተኞቹ በተሰጣቸው ገንዘብና ጊዜ፣ በገዛ እጃቸው ሠርተው «ይኸው» ብለው ሊያስረክቡት የሚችሉት ነገር ነው፤ ውጤት ማለት ግን ያ ነገር ከተላለፈ በኋላ ሰዎቹ በገዛ ፈቃዳቸው አድራጎታቸውንና ኑሯቸውን የሚለውጡበት ነው። ሁለቱን ለመለየት እኔ የምጠቀምበት ፈተና ከሰዋስው የተወሰደ ነው፤ የግሱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ እጠይቃለሁ። «12 ምንጮች ጐልብተው፣ የውኃቸው ጥራት ተመርምሮ፣ ለውኃ ኮሚቴዎች ተላልፈዋል» ሲባል፣ ግሱ ተደራጊ ቢሆንም በስተጀርባው የሚሠራው ፕሮጀክቱ ነውና ይህ ውጽአት ነው። «በሦስቱ ቀበሌዎች የሚኖሩ ቤተሰቦች ዓመቱን ሙሉ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ የሚሆነውን ውኃ ከተጠበቀ ምንጭ ይቀዳሉ» ሲባል ግን ቀጂዎቹ ቤተሰቦቹ ናቸው፤ ባለሙያው ሊቀዳላቸው አይችልም፤ እንግዲህ ይህ ውጤት ነው። በዚህ ፈተና ሲመዘን «የውኃ ኮሚቴ አባላት ሥልጠና ይወስዳሉ» የሚለው፣ ባለቤቱ ኮሚቴው ቢመስልም፣ አዳራሹን የተከራየውና አበሉን የከፈለው ፕሮጀክቱ ስለ ሆነ በውጤት ረድፍ ተጽፎ ሲገኝ ከቦታው ወጥቷል ማለት ነው። እኔ ባየኋቸው ሰነዶች ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ይህ ነው።

ሌላው ስሕተት እንደ «በማድረግ» ያለ ቃል ነው። «ምንጮችን በማጎልበት የነዋሪዎችን ጤና ማሻሻል» የሚል ቃል መንገዱንና መድረሻውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ስለሚያጋባ፣ ምንጩ ጎልብቶ ጤናው ባይሻሻል ግማሹ እውነት ነው እየተባለ ሪፖርቱ ያለ ነቀፋ ያልፋል። እያንዳንዱ ቃል አንድ ነገር ብቻ ይናገር፤ መንገዱ በታችኛው ረድፍ፣ መድረሻው በላይኛው ረድፍ ይጻፍ፤ የሁለቱ ግንኙነትም በሠንጠረዡ አቀማመጥ ይታወቅ።

ከዚህ ወዲያ አመላካቹ ይመጣል። አመላካች ለውጡ መምጣት አለመምጣቱ የሚታወቅበት መለኪያ እንጂ ለውጡ ራሱ አይደለም፤ ስለዚህም ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ መናገር የለበትም። «ንጹሕ ውኃ የሚያገኙ ቤተሰቦች ወደ 70 በመቶ ያድጋሉ» የሚለው አመላካችንና ዒላማን በአንድ ላይ የጫነ ነው፤ አመላካቹ «ንጹሕ ውኃ የሚያገኙ ቤተሰቦች ድርሻ» ሲሆን፣ መነሻውና ዒላማው በየራሳቸው ዓምድ ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ «ማግኘት» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ መተርጐም ይቀራል፤ ትርጓሜው የቱን ያህል እንደሚከብድ የአገራችን የውኃ ታሪክ ያስረዳል። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን የገጠር ሰው ውኃ አገኘ የሚባለው በ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 15 ሊትር ሲያገኝ ነበር፤ በሁለተኛው ዕቅድ ግን ልኩ ወደ 1 ኪሎ ሜትርና 25 ሊትር ከፍ አለ። በዚህም ምክንያት በ2007 ዓ.ም. በአሮጌው ልክ 82 በመቶ ይባል የነበረው የገጠር ሽፋን በአዲሱ ልክ 59 በመቶ ሆኖ ተመዘገበ፤ አንድ ቦኖ ሳይደርቅ፣ አንድ ፓምፕ ሳይሰበር። እንግዲህ ልኩን ሳይጽፍ «ሽፋን» ብሎ የሚያልፍ ሰነድ የትኛውን ቁጥር እንደሚያወራ ማን ያውቃል?

በምሳሌያችን ፕሮጀክት አመላካቹን እንዲህ እጽፈዋለሁ፤ «በሦስቱ ቀበሌዎች ካሉት ቤተሰቦች መካከል፣ በግንቦት ወር፣ የወረፋውን ጊዜ ጨምሮ ሄደው ለመመለስ ከ30 ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ ከተጠበቀ ምንጭ የሚቀዱ፣ ለእያንዳንዱም ሰው በቀን 25 ሊትር የሚደርሳቸው ድርሻ።» 30 ደቂቃውን የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ከሚጠቀሙበት ልክ የወሰድሁት ሲሆን፣ ከኪሎ ሜትር ይልቅ የመረጥሁት ተራራ ላይ ያለ 1 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ካለው ጋር አንድ ስላልሆነ፣ ደግሞም ወረፋ በካርታ ላይ ስለማይታይ ነው። ሊትሩን ለማወቅም የረቀቀ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አምስት ሰው ያለበት ቤት 125 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስድስት ሞልቶ ጥቂት ይተርፋል። ጠያቂው «እትዬ፣ ትናንት ስንት ጀሪካን ቤት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም ውኃውን የቀዳችውን ሴት ወይም ልጅ እንጂ፣ ገበያ ውሎ የመጣውን አባወራ መሆን የለበትም። አባወራው ስንት ጀሪካን እንደ ገባ አያውቅም፤ ባያውቅም ግን መልስ ይሰጣል።

«በግንቦት ወር» የምትለዋን ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ይቆጥራታል። በሐብሩ የክረምቱ ዝናብ ባበቃ ሰሞን፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ያልጎለበተው ምንጭ ሁሉ ሳይቀር ይፈሳል፤ በበልጉ ማለፍና በክረምቱ መግባት መካከል፣ በግንቦትና በሰኔ መባቻ፣ በተለይም በልጉ የቀረ እንደ ሆነ፣ ሴቶች ሌሊት ተነሥተው ይሄዳሉ። መነሻውን በግንቦት፣ መድረሻውን በጥቅምት የለካ ሰው ምንም ሳይሠራ ታላቅ ለውጥ ይመዘግባል፤ በተቃራኒው የለካ ደግሞ ደክሞ የሠራው ሥራ ሁሉ ከንቱ መስሎ ይታየዋል። እኔ ሪፖርት ሳነብ ከቁጥሩ በፊት የመጠይቁን ቀን የምፈልገው ስለዚህ ነው፤ ሁለቱ ወራት ካልገጠሙ ወደ ሌላው ገጽ አልሄድም።

ዒላማውም ቢሆን ከመለኪያው ዐይን ጋር መመጣጠን አለበት። ከሦስቱ ቀበሌዎች በዕጣ የተመረጡ 200 ቤተሰቦች ብቻ የሚጠየቁ ከሆነ፣ የሚገኘው ድርሻ ከእውነተኛው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እስከ ሰባት ነጥብ ሊያጋድል ይችላል፤ ቤቶቹ በጎጥ እየተሰበሰቡ የተመረጡ እንደ ሆነ ስሕተቱ ከዚህም ይሰፋል። መነሻው 22 በመቶ ሆኖ ዒላማው 27 ቢባል፣ ለውጡ ቢመጣም እንኳ ያ መጠይቅ ለይቶ ሊያየው አይችልም። 22 ወደ 60 ቢባል ግን ያያል። ዕቅድ አውጪዎች ስለ መጠይቁ ስፋት ሳያነጋግሩ ዒላማ የሚጽፉበት ልማድ፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ከድፍረት ሳይሆን ሁለቱ ሥራዎች ለሁለት ሰዎች ስለሚሰጡ የመጣ ነው።

ለውጽአቱም ቢሆን «የተሠሩ ምንጮች ብዛት» ብሎ ማቆም አይበቃም። 12 ምንጭ በየምንጩ 350 ተጠቃሚ እያሉ አባዝቶ 4,200 ሰው አገልግሏል ብሎ መጻፍ በቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ ሒሳብ ነው፤ ከቦኖው የሚቀዳው ሰው ግን 90 ሊሆን ይችላል፤ 600ም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የውጽአቱ አመላካች ግንባታው አልቆ፣ በውኃ ጥራት ምርመራ አልፎ፣ ኮሚቴው ፈርሞ የተረከባቸውን ምንጮች ይቁጠር፤ ማረጋገጫውም የርክክቡ ሰነድና የምርመራው ውጤት ይሁን። ከዚህ ጎን ለጎን ከርክክቡ 12 ወር በኋላ፣ ቀኑ ሳይነገር በተደረገ ጉብኝት፣ ውኃ ሲሰጡ የተገኙ ቦኖዎች ድርሻ በውጤት ረድፍ ይቀመጥ። ቦኖው ሲሰበር ጠግኖ ሥራ ላይ የሚያውለው ኮሚቴው፣ ወርኃዊውን ክፍያ የሚከፍሉትም ቤተሰቦቹ ናቸውና፣ የግሱ ባለቤት ተለውጧል። ኮሚቴው የሚይዘው የክፍያ መዝገብ ለዚህ መልካም ማረጋገጫ ነው፤ ነገር ግን መዝገቡን ማን ሊይዝ፣ ማንስ በየሦስት ወሩ ሊገለብጠው እንደ ሆነ ከነደመወዙ በበጀቱ ውስጥ ካልገባ፣ የማረጋገጫው ዓምድ ተስፋ ብቻ ይዞ ይቀራል።

የመጨረሻው ዓምድ የታሳቢዎች ነው፤ በእርሱም ብዙው ሰው «ሰላም ይሰፍናል፣ ዝናብ ይዘንባል» ብሎ ጽፎ ይገላገላል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ደርሶ ከተማዪቱ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከመንግሥት እጅ ወጥታ በቆየችበት ጊዜ፣ ይህ ዓምድ ለምን እንደ ተሠራ በሰሜን ወሎ የሚሠራ ሁሉ ያየው ይመስለኛል። ታሳቢው ሲፈርስ መነሻውም አብሮ ይፈርሳል፤ ከጦርነቱ በፊት የተለካ 22 በመቶ፣ ፓምፕ በተዘረፈበትና ሰው ተፈናቅሎ በተመለሰበት ቀበሌ መነሻ ሊሆን አይችልም። በዚህ ጊዜ ደግ ሥራው የድሮውን ቁጥር መሰረዝ ሳይሆን ከነቀኑ በቦታው ትቶ፣ ከጎኑ አዲስ ዓምድ ከፍቶ፣ ከተመለሱት ቤተሰቦች መካከል በሚቀጥለው ግንቦት የተለካውን አዲስ መነሻ መጻፍና ዒላማውን ከእርሱ ተነሥቶ ከገንዘብ ሰጪው ጋር እንደ ገና መዋዋል ነው። በታሳቢው ዓምድም «ሰላም ይሰፍናል» በማለት ፈንታ፣ የትኛው መንገድ ስንት ሳምንት ከተዘጋ ወይም ስንት ቦኖ ከጥቅም ውጭ ከሆነ ዕቅዱ እንደ ገና እንደሚታይ፣ ይህንንም የሚወስነው ማን እንደ ሆነ፣ አስቀድሞ ይጻፍበት።