ማግኔት የያዘው ሰዓት

ጠዋት ጠዋት የሚጠመዘዝ የአንድ ወዳጄ የእጅ ሰዓት፤ ሳይወድቅ ሳይመታ በድንገት በቀን 10 ደቂቃ ይቀድም ጀመር። ሰዓት ሠሪውም ፍጥነቱን ቀነሰለት፤ ይህ ግን ስሕተት ነበረ። ሰዓቱ በራዲዮ ድምፅ ማጉያ ላይ ሲያድር ማግኔት ይዞት ኖሯል። በውስጡ ያለውን እንደ ጠጕር የቀጠነ ጥምዝ ሽቦ ማግኔት ሲይዘው ዙሮቹ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ ሽቦውም ያጠረ ያህል ይሆንና ሰዓቱ ይፈጥናል። ወደ ኮምፓስ ቢያቀርቡት መርፌው እጅግ ይዛወራል።

መድኃኒቱ ማግኔት የሚያስለቅቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ኃይሉ ሳይቋረጥ ሰዓቱን በቀስታ አንድ ክንድ ያህል ማራቅ፤ ማጥፋት ከዚያ ወዲያ ነው። አስቀድመው ቢያጠፉት ማግኔቱ በውስጡ ይቀራል።

የወዳጄም ሰዓት ማግኔቱ ከለቀቀው በኋላ ይዘገይ ስለ ጀመረ፤ ፍጥነቱን እንደ ቀድሞው አስመለሰው። አሁን ከድምፅ ማጉያውም ከእጅ ስልኩም ርቆ ያድራል።